ግፊቱ ወረደ፣ ምቱ ግን አልተነቃነቀም

በኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተችው ሴት ብዙ አላወራችም። የ76 ዓመት እናቷን ቤት ውስጥ ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ ትለካለች። እናትየው ተቀምጠው ሲለኩ 146/70 ይመጣል፣ የልብ ምት 52። ብድግ ብለው አንድ ደቂቃ ሲቆሙ 118/62፣ ምት 54። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ 116/60 ይሆናል፣ ምቱ አሁንም 54። ሲነሱ ጭው ይልባቸዋል፣ የወንበሩን ጀርባ ይጨብጣሉ። ጠያቂዋን ግራ ያጋባት ግን ከግፊቱ ሥር PUL ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ነው። ግፊቱ እንዲህ ቁልቁል ሲወርድ ያኛው ለምን ተተክሎ ይቀራል? መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? በዚያ ላይ ወንድሟ 146 የሚለውን ብቻ አይቶ የግፊት ኪኒናቸው እጥፍ ይሁን እያለ ወጥሮ ይዟታል።

ክሩ ረዝሟል። ሁሉንም መልስ አላነሳም፤ ነገሩን ወደፊት የገፉትንና ወደኋላ የጎተቱትን በቁጥራቸው እጠራለሁ።

መልስ 1 ሳያቅማማ መለኪያውን ወርውሪው አለ። ሰው ሲነሳ ምት መጨመር አለበት፣ ካልጨመረ ማሽኑ አይሠራም ባይ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው።

መልስ 2 ደግሞ ደስ ይበልሽ አላት። ከ60 በታች የሆነ ምት የጠንካራ ልብ ምልክት ነው፣ ሯጮችም እንዲሁ ናቸው ብሎ አረጋጋት። ሯጭ ሲነሳ ግን ምቱ ይጨምራል፣ ጭውም አይልበትም። በወጣትነቱ ሯጭ የነበረ ሰው ምናልባት። እኚህ እናት ግን ከወንበር ሲነሱ የሚንገዳገዱ ሴት ናቸው፤ ንጽጽሩ አልገጠመም።

መልስ 3 ጥያቄውን ጨርሶ አላነበበውም መሰለኝ። ማታ ማታ የራሱ ልብ ድው ድው እንደሚልበት፣ አንዳንዴ 110 እንደሚገባ ጽፎ ምን ላድርግ ብሎ ተሰናበተ። አንድ ሰው በትህትና የራስህን ክር ክፈት ብሎታል።

ውይይቱ መልክ የያዘው መልስ 4 ላይ ነው። የጻፈችው ነርስ ናት። ፍርድ አልሰጠችም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። እናትሽ ቆመው ሲለኩ ክንዳቸው የት ነበር? ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር ወይስ በልብ ትክክል ተደግፎ? ብዙ ሰው ሲቀመጥ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል፣ ሲቆም ግን ዝም ብሎ ያንጠለጥለዋል። የተንጠለጠለ ክንድ ንባቡን አሥር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ እውነተኛው ውድቀት ይሸፈናል። ክንዱ ተንጠልጥሎ 118 ከመጣ፣ እውነቱ ከዚያም ዝቅ ያለ ሊሆን ነው። እንዲህ አድርጊ አለቻት፦ አምስት ደቂቃ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸው መሬት ነክቶ፣ ሳያወሩ ይቀመጡና ለኪ። ማሰሪያውን ሳትፈቺ ይነሱ። ክንዳቸውን አንቺ ከሥር ደግፈሽ በደረታቸው መሐል ከፍታ ያዢላቸው። አንድ ደቂቃ ላይ አንዴ፣ ሦስት ደቂቃ ላይ አንዴ። ከጀርባቸው ወንበር ይኑር። ጭውታው ከበረታ ይቀመጡ፤ ቁጥር ለማግኘት ሲባል ሰው አይወድቅም።

ይህችን የመጨረሻ ማሳሰቢያ ወድጃታለሁ። በየገጹ የምናነበው የአለካክ ምክር ብዙውን ጊዜ ስለ ማሰሪያው ነው፣ ስለሚለካው ሰው አይደለም።

መልስ 5 ለማሽኑ ጥርጣሬ ቀላል መፍትሔ አመጣ። ራስሽን ለኪ አላት። ያንቺ ምት ስትነሺ ከፍ ካለ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ቀጥለሽ የእናትሽን የእጅ አንጓ በሁለት ጣት ይዘሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፣ በተለይ ምቱ ወጥ ካልሆነ።

ጠያቂዋ በማግስቱ ተመለሰች፤ ይህ መልስ 6 ነው። የራሷ ስትቀመጥ 118/74 ምት 72፣ ስትቆም 116/78 ምት 84። ማሽኑ ከጥርጣሬ ነፃ ወጣ። የእናቷን ክንድ ደግፋ ስትለካ ደግሞ ውጤቱ ከበፊቱ ጋር አንድ ሆነ፤ ቀድሞም ደግፋው ነበር። በጣት ስትቆጥር 53 አገኘች፣ እኩል እኩል የሚመታ።

መልስ 7 ላይ አንድ ሰው የአባቱን ጉዳይ አመጣ። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። የአባቱ መለኪያ በተደጋጋሚ ምት 39 ይላል። ቤተሰቡ ደንግጦ ተሯሩጦ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ኢሲጂ ሲነሳ የልባቸው ምት 78 ሆኖ ተገኘ። ለካ ልባቸው አንድ መደበኛ ምት ከመታ በኋላ ቀጣዩን ያለ ጊዜው ያስቀድመው ነበር። ያ የቸኮለው ምት ልብ በደንብ ሳይሞላ ስለሚመጣ የሚገፋው ደም ትንሽ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው ማሰሪያው ውስጥ የሚሰማውን እርግብግቢት እንጂ ልብን ራሱን ስላልሆነ ደካማውን አልፎ ግማሹን ብቻ ቆጠረ። ምክሩም ማሽን ዝቅተኛ ምት ካሳየ በጣት አረጋግጡ የሚል ነበር።

መልስ 8 እዚህ ላይ አረመው፣ ጠንከር ባለ ቃል። ማሽኑ ያልሰማውን ደካማ ምት የአንጓ ደም ሥር ላይ ያለች ጣትም ላትሰማው ትችላለች። ስለዚህ ጣትም 39 ልትቆጥር ትችላለች፣ ሁለት ስህተት ተስማማ ማለት ልክ ሆነ ማለት አይደለም። የሚለየው ደረት ላይ በማዳመጫ መስማት ወይም ኢሲጂ ነው። መልስ 7 ተከፋ፤ ሰው ለመርዳት እንጂ ለመፈተን አልጻፍኩም አለ። ሁለቱ ሦስት አራት መልስ ያህል ተነታረኩ። በነገሩ ግን መልስ 8 ልክ ነው። የጠያቂዋ እናት ምት እኩል እኩል ስለሚሄድና ማሽኑ የመዛባት ምልክት ስላላሳየ ይህኛው መንገድ ለእሳቸው የሚሆን አይመስልም፤ ግን ኢሲጂ ሳይነሳ በእርግጠኝነት አይዘጋም።

ከዚያ መልስ 13 መጣ። የጻፈው ሰው ሙያውን አልተናገረም፣ ግን ከአጻጻፉ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በብዛት የሚያይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ማንበብ አቁሙ አለ። ሰው ሲነሳ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። አንገት ላይ ያሉት የደም ሥሮች ግፊቱ መቀነሱን ሰምተው ለአንጎል ያሳብቃሉ። አንጎል ደግሞ ልብን ፍጠን፣ ደም ሥሮችን ጥበቡ ይላል። የጠያቂዋ የራሷ ቁጥር ይህንኑ ነው ያሳየው፤ ምቷ 12 ጨመረ፣ ግፊቷ ባለበት ቆየ። የእናቷ ግን የላይኛው 28 ወረደ፣ ምቱ 2 ብቻ ጨመረ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሐኪሞች ችግር ብለው የሚመዘግቡት ነው። ይህ ለብቻው ግን ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱን የሚጠቁመው ምቱ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሐሳቡ ለእኔ የክሩ እንብርት ነው። ግፊት ወርዶ ምት ከ70 ወደ 100 ቢሮጥ፣ ሰውነት እየታገለ ነው ማለት ነው፤ የጎደለው ደም ወይም ፈሳሽ ነው። ተቅማጥ፣ ውሃ አለመጠጣት፣ የሚያሸና ኪኒን፣ የተደበቀ መድማት። ግፊት ወርዶ ምት ዝም ካለ ግን ታጋዩ ራሱ ታስሯል። ወይ መድኃኒት ይዞታል፣ ወይ መልእክት የሚያደርሰው ነርቭ ደክሟል፣ ወይ ልብ የራሱን ምት የሚያስነሳበት ቦታ አርጅቷል። እሱ እንደ ግርድፍ መለኪያ የሚጠቀመው አለው፦ ምቱ የጨመረው ግፊቱ ከወረደው ቁጥር ግማሽ ያህል እንኳ ካልሞላ ነርቭን ጠርጥር። 28 ለወረደ ግፊት 14 ይጠበቅ ነበር፣ የመጣው 2 ነው። ግን ይህ ስሌት ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሠራም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመድኃኒቶቹን ስም አምጪ አላት። ስማቸው በ"ሎል" የሚያልቁት፣ እንደ አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል ያሉት፣ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ጠያቂዋ መልስ 14 ላይ ለግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም እና የስኳር ኪኒን ብቻ እንደሚወስዱ ጻፈች። በ"ሎል" የሚያልቅ የለም።

መልስ 15 እንግዲያው አምሎዲፒኑ ነው ብሎ ዘሎ ገባ፤ እሱ ያለበት የካልሲየም መዝጊያዎች የሚባሉት መድኃኒቶች ቤተሰብ ምት ያዘገያል ሲል። ግማሽ እውነት ነው። መልስ 16 አቃናው፦ ከቤተሰቡ ምት የሚያዘገዩት ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ናቸው፣ አምሎዲፒን በዋናነት ደም ሥር ላይ ነው የሚሠራው። እግር ያሳብጣል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ልብን ግን እንዲህ አይይዝም።

ቀጥሎ ለተወሰነ ጊዜ ክሩ የእጅ አንጓ መለኪያ ይሻላል ወይስ የክንድ ወደሚል ሙግት ነጎደ። አልፌዋለሁ፤ የክንዱ ይሻላል፣ በቃ።

መልስ 20 ላይ አንድ ፋርማሲስት በአንድ መስመር ጥያቄ ክሩን ገለበጠው። እናትሽ የዓይን ጠብታ ይጠቀማሉ?

ጠያቂዋ ተገርማ መለሰች። አዎ፣ ለግላኮማ፣ ሁለቱም ዓይን ላይ፣ ጠዋትና ማታ። መድኃኒት ብላ አልቆጠረችውም ነበር። ጠርሙሱን አንስታ ስሙን አነበበች፦ ቲሞሎል፣ 0.5 በመቶ። እነሆ በ"ሎል" የሚያልቀው። ኪኒን ማስቀመጫው ውስጥ ሳይሆን መስኮቱ ጋ ነበር የተቀመጠው።

መልስ 22 አላገጠ። አንዲት ጠብታ ውሃ ልብን ታቆማለች ወይ፣ እንዲህ ከሆነማ ፊት መታጠብም ይፍራ አለ። ፋርማሲስቱ መልስ 23 ላይ አልተቆጣም፣ ግን አልለቀቀውም። ጠብታው ዓይን ላይ አይቀርም። ከዓይን ጥግ ባለችው የእንባ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ የአፍንጫ ሥጋ ደግሞ በደም የተሞላ ስለሆነ ቀጥታ ይመጥጠዋል። ኪኒን ሲዋጥ መጀመሪያ ጉበት ያገኘውና የተወሰነውን ያከሽፈዋል። ይህኛው ግን ጉበትን ሳያገኝ ነው ልብ ጋ የሚደርሰው። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይመስልም። ልቡ ድሮውኑ ዝግ ላለ አዛውንት ግን ምትን ሊይዝ፣ ሲነሳም ግፊት ሊጥል ይችላል። አስም ያለበትንም ደረቱን ሊያፍነው ይችላል፤ መመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው የለም እንጂ።

መልስ 24 የባሰ አመጣ፦ ዛሬውኑ ጠብታውን አቁሚ። እዚህ ላይ ነበር ክሩ የተቆጣው። ቢያንስ አራት ሰው ተነሳበት። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ ጠብታው ሲቆም የዓይን ግፊት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሕመም የለውም፣ ሰውየው የሚያውቀው ከጎን ያለውን ማየት ሲያቅተው ነው። የሚቀይረው የዓይን ሐኪሙ ነው፣ ልብን የማይነኩ ሌሎች ጠብታዎች አሉ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል ብላ ነርሷ ተመለሰች። አንድ ጠብታ ብቻ ይደረግ፣ ሁለት አይደለም፤ ዓይን ይከደን፣ በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ተብሎ ይጫን። ቀዳዳዋ ትዘጋለች፣ ወደ አፍንጫ የሚወርደው ይቀንሳል። ጠያቂዋ እናቷ ሁልጊዜ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ሦስት ጠብታ እንደሚያደርጉ የተናገረችው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ መሐል ወንድምየው ራሱ ብቅ አለ፤ መልስ 29። እህቴ የቤተሰባችንን ጉዳይ አደባባይ አወጣችው ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ግን ጥያቄው ፍሬ ነገር አለው። 146 ከፍተኛ አይደለም እንዴ? ስትሮክ ቢያመጣስ? አንዳንዱ ተሳለቀበት፣ ያ ተገቢ አልነበረም። መልስ 13 የነበረው ሰው በአክብሮት መለሰለት። ወንድሜ፣ ፍርሃትህ እውነት ነው፣ ግን እናትህ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው አይውሉም። ኪኒኑን እጥፍ ብታደርገው 146ቱ ብቻ አይወርድም፣ ቆመው የሚመጣው 116ም አብሮ ይወርዳል፤ ያንን የሚያካክስ የልብ ምት ደግሞ የላቸውም። መጀመሪያ የታሰረው ይፈታ፣ ከዚያ እንደገና ይለካ። ወንድምየው አልመለሰም፤ መልሱን እንደወደደው ምልክት ግን አድርጎበታል።

መልስ 33 አጭር ማስጠንቀቂያ ነበር። ምት ከ40 በታች ወርዶ ሲቆይ፣ ወይም በማንኛውም ቁጥር ላይ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ድንገተኛ መቀባዠር ከመጣ፣ የሐኪም ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ክርም አይከፈትም። ድንገተኛ ክፍል ነው። ማንም አልተከራከረውም።

ጠያቂዋ ወደ መጨረሻው ተመለሰች። ቁጥሮቹን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ ተቀምጠውና ቆመው ብላ ለይታ፣ በአንድ ወረቀት ይዛ ሄደች። ጠርሙሱንም ጭምር። ኢሲጂ ተነሳ፤ ምቱ ዝግ ያለ ነው፣ ሌላ አስደንጋጭ ነገር አልታየም። የዓይን ሐኪሙ ቲሞሎሉን በላታኖፕሮስት ቀየረው። አምሎዲፒኑ ባለበት ቀረ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የተለካው ይህ ነው፦ ተቀምጠው 148/72፣ ምት 63። ቆመው በሦስተኛው ደቂቃ 128/66፣ ምት 71። ጭውታው ቀንሷል፣ የወንበር ጀርባ መጨበጡ ግን አልቀረም።

ግማሹ ተሳታፊ እልል አለ። ፋርማሲስቱ ተሳክቶልናል ብሎ ጻፈ፣ ይገባዋልም። መልስ 13 ግን በደስታው ላይ ውሃ ቸለሰበት። ምት የያዘው ነገር ከሄደ በኋላ ስሌቱ አሁን ይሠራል አለ። ግፊቱ 20 ወርዶ ምቱ 8 ጨመረ፤ ግማሽ ቢሆን 10 ነበር። ጠርዝ ላይ ነው፣ ግን አልሞላም። እናትየው የስኳር ኪኒን እንደሚወስዱ መልስ 14 ላይ ተጽፏል፣ ማንም ልብ አላለውም። ለብዙ ዓመት የቆየ ስኳር ወደ ልብና ወደ ደም ሥር የሚሄዱትን ነርቮች ያደክማል። ጠብታው የጥፋቱን ግማሽ ሸፍኖት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

መልስ 8 በዚህ አልተስማማም። ሁለት የምት ልዩነት ማሽኑ ራሱ የሚሳሳተው ያህል ነው፣ በ8 እና በ10 መካከል ነርቭ አይመረመርም አለ። የክንድ ማሽን የሚሰጠው የሠላሳ አርባ ሰከንድ አማካይ ነው፣ ከፍ ብሎ የወረደውን አያሳይም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የሚሉት ያስኬዳል። እኔ ወደ መልስ 13 አደላለሁ፣ ምክንያቴም ቁጥሩ ሳይሆን የስኳሩ ዕድሜ ነው።

የተስማሙበት አንድ ነገር አለ። ከወንበር ተነስቶ መለካት ውድቀቱን አሳንሶ ያሳያል፣ ምክንያቱም ሲቀመጡም የተወሰነው ደም አስቀድሞ እግር ውስጥ ወርዷል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ አምስት ደቂቃ በጀርባቸው ተኝተው ይለኩ፣ ከዚያ ተነስተው እንደገና፤ ሁለት ሦስት ጠዋት። የወንድምየው 146 ጉዳይም ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ጠያቂዋ እሺ ብላለች፤ ከልኬቱ እስካሁን የተለጠፈ የለም። የመጨረሻው መልስ የመልስ 3 ጸሐፊ ነው፣ ስለ ራሱ ልብ ለምን ማንም እንዳልመለሰለት ይጠይቃል።